ሃያ ሃያ ደረሰን አሉ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቅርንጫፎች በር ሲከፍቱ የእኛም መከራ አብሮ ይከፈታል። ቅዳሜና እሁድ ፓስወርዱን የረሳው፣ ፕሪንተሩ ወረቀት የነከሰበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻል። የባንክ ሄልፕ ዴስክ ሠራተኞች ነን፤ በቁጥር አምስት። ከቅርንጫፍ የሚመጣው አቤቱታ ሁሉ ቲኬት ይሆንና ከአምስታችን ለአንዱ ይመደባል። ለማን ይመደብ የሚለውን የሚወስነው ሰው አይደለም፣ ተራ ነው። ሲስተሙን ያዘጋጀው ልጅ አንድ ቀን ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ የድልድሉን ቀመር አሳየኝ። የቢሯችን ፍትሕ በሙሉ ይህችው ናት፦

```
next = (last + 1) % 5
```

ካለፈው ተረኛ ቀጥሎ ያለው ይውሰድ፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለስ ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ቲኬቱ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፣ ማን ምን ይዞ እንደተቀመጠ አታውቅም፣ ማን ቢሮ እንዳለም ካልነገሯት አታውቅም። አንዱ ባልደረባችን የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ሻሸመኔ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ፣ ስሙን ከዝርዝሩ የሚያወጣለት ሰው ስላልነበረ ከአምስት ቲኬት አንዷ በስሙ ስትከመር ሰነበተች። ያወቅነው አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደውለው «ይህ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ሲጮኹ ነው። ምን ይባሉ? እየጨፈረ ነው ይባላል?

ተራን ጠልቼ አይደለም። ተራ ከመምጣቱ በፊት የነበረውንም አይቻለሁ። በመጀመሪያ ዘመን አለቃችን በስልክ ነበር የሚያከፋፍሉት፤ ስልካቸው ላይ ከላይ የተቀመጠ ስም ከሰው ሁሉ በላይ ይሠራ ነበር፣ ወይም ደግሞ ቡና አብሯቸው የሚጠጣው ምንም አይሠራም ነበር። ቀጥሎ ሁሉም ከአንድ ቋት እያየ ይውሰድ ተባለ። ያኔ ደግሞ ጠዋት ቀድሞ የገባው ቀላል ቀላሉን ለቅሞ ይጨርሳል፣ ከታች የሚቀረው ማንም ሊነካው የማይፈልገው እየሻገተ ይሰነብታል። ተራ ይህን ሁለቱንም አስቀርቷል። ዘመድ አያውቅም፣ ምርጫም አይሰጥም። እስከዚህ ድረስ ምስጋናዬን ተቀበሉልኝ።

ችግሩ ተራ እኩል የሚያደርገው ቁጥሩን ነው፤ ሥራውን አይደለም። እስቲ አንድ ሳምንት አብረን እንቁጠር። 100 ቲኬት ይመጣል እንበል። ከነዚህ 70ዎቹ ፓስወርድ መቀየር፣ ፕሪንተር፣ የተቆለፈ አካውንት ስለሆኑ አንዳቸው ሩብ ሰዓት ቢፈጁ ነው። 20ዎቹ የአንድ ሰዓት ሥራ ናቸው። 10ሩ ግን የኮር ባንኪንግ ናቸው። የቅርንጫፉ ቀን አልዘጋ ይላል፣ የአንድ ቴለር ሂሳብ አልመጣጠን ይላል፤ ኔትወርክ ተቆርጦ ሲመለስ ሁለት ጊዜ የተመዘገበች አንዲት ግብይት አለች፤ እሷን ለማግኘት የቀኑን ምዝገባ መስመር በመስመር ማንበብ ነው። አንዷ አራት ሰዓት ትበላለች። ሁሉም ሲደመር ሰባ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል። ፍትሕ ያ ነበር።

ተራው የሚያደርገውን ተመልከቱ። አንዱ 14 አጭር፣ 2 መካከለኛ፣ 4 ከባድ ደረሰው፤ ይህ ሃያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሌላው 15 አጭርና 5 መካከለኛ አገኘ፤ ከዘጠኝ ሰዓትም ያንሳል። ዓርብ ማታ በሚወጣው ሪፖርት ግን ሁለቱም ፊት ያለው ቁጥር 20 ነው። አለቃችን ሪፖርቱን ከፍ አድርገው እያሳዩ «ይኸው፣ ሃያ ሃያ ደረሳችሁ፤ አሁንስ ማን ነው የሚያለቅሰው?» ይላሉ።

«በጊዜ ብዛት ይስተካከላል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሐሰትም አይደለም። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አራት ከባድ የደረሰው በሚቀጥለው ወር ምንም ሳይደርሰው ይውልና ዓመቱ ሲያልቅ ልዩነቱ ይጠባል። ግን ከባዱ ቲኬት የደረሰበት ሰው ላይ አይቀመጥም። ኮር ባንኪንግን የማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ለአንድ ሰዓት ያህል ይታያል፣ ይገለበጣል፣ ቅርንጫፉ «ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» ይባላል፣ ከዚያ «ይህ ያንተ ነው መሰለኝ ወንድሜ» ተብሎ ወደኔ ይሻገራል። በእጅ የተሻገረውን ደግሞ የተራው ቀመር አይቆጥረውም። እሷ የምታውቀው ራሷ የሰጠችውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት የተሻገሩ ከባዶች ይዤ ላብ ሲያጠምቀኝ ተራዬ ደርሶ አራተኛ ትጨምርልኛለች። ቅርንጫፉ በበኩሉ ያቺን አንድ ሰዓት በከንቱ አጥቷል፤ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ «ሲስተም የለም» እያለ።

ተራውን የሚሸሹበትም መላ አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ማን ላይ እንደሚወድቅ ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ዋናው የሒሳብ ክፍል ስልክ ሲያቃጭል ተረኛው በድንገት ሻይ ያምረዋል። ስሙን «በቦታው የለም» ላይ ያደርግና ይነሳል፤ ቲኬቷ ወደ ቀጣዩ ትዘላለች፤ ሻዩ ሳይቀርብ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህን ያህል የሻይ ፍቅር ያለበት ቢሮ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ሥራው የሚመደበው ገና እንደመጣ መሆኑ ነው። ታች ቅርንጫፋችን ውስጥ ደንበኛው ቁጥር ቆርጦ ይቀመጣል፤ የትኛውም መስኮት ባዶ ሲሆን ይጠራል። አንዱ መስኮት ረጅም ጉዳይ ቢይዘው ወረፋው በሌሎቹ በኩል ይፈሳል። ይህንን ለደንበኛ አውቀንለት፣ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለራሳችን ያደረግነው ተቃራኒውን ነው፤ እያንዳንዱን ቲኬት ሲገባ አንድ መስኮት ላይ እንቸነክረዋለን። የአራት ሰዓቱ ሥራ የያዘው ሰው ጀርባ አምስት የፓስወርድ ቲኬቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። ተወቃሽ የለም፤ የእሱ ተራ አልደረሰም።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ስንጮህ ሰሙን። አዲስ አሠራር መጣ፤ በችሎታ። ፎርም ተሞላ። በግራ በኩል የአምስታችን ስም፣ በላይ በኩል ፕሪንተር፣ ኔትወርክ፣ ኤቲኤም፣ ኮር ባንኪንግ፣ ሞባይል ባንኪንግ። የምትችሉት ላይ ራይት አድርጉ ተባለ። እኔ ከዓመታት በፊት ሻጩ ድርጅት በሰጠው የኮር ባንኪንግ ሥልጠና ላይ ተልኬ ስለነበር ራይት አደረግሁ፤ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። ያቺ ምልክት ከትዳር ቃል ኪዳን ትጠብቃለች፤ እስከዛሬ የሚፈታት አልተገኘም።

የቅድሙን ሳምንት እንደገና እንውሰደው። በችሎታ ስንመድብ 10ሩም የኮር ባንኪንግ ቲኬቶች ወደ አንድ ሰው ይሄዳሉ። አርባ ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንቱ መደበኛ የሥራ ሰዓት ጣሪያ 48 ነው፤ ስብሰባውን፣ ሪፖርቱን፣ «አንዴ ብቻ ላስቸግርህ» የሚለውን ስልክ ሲቀንሱለት ለቲኬት 40 ቢተርፍ ጥሩ ነው። ሞላ ማለት ነው፤ እስከ አፉ። የቀረው ሠላሳ ሰባት ሰዓት ተኩል ለአራቱ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን ይደርሳቸዋል። በተራው ጊዜ ሃያ አንድና ዘጠኝ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር፤ አሁን አርባና ዘጠኝ ሆነ።

«ሞላ እንጂ አልፈሰሰም» ያለኝ ሰው አለ። ይህን የሚል ሰው ወረፋን አያውቅም። የወረፋን ሒሳብ የጀመረው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን፣ የጥሪ ማዕከሎች እስከዛሬ በእሱ ቀመር ሰው ይመድባሉ። ከዚያ የተወለደው ሒሳብ እንዲህ ይላል፦ ሥራው ቀጠሮ ሳይኖረው የሚመጣ፣ የሚወስደውም ጊዜ አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ከሆነ፣ ጊዜው 80 በመቶ በተያዘ ሰው ዘንድ የሚመጣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአማካይ የአንድን ሥራ ጊዜ አራት እጥፍ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲያዝ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። 95 ላይ አሥራ ዘጠኝ።

ወደኔ ወንበር አምጡት። በሳምንት ስምንት ከባድ ቲኬት ብቻ ቢመጣልኝ 32 ሰዓት ነው፤ 80 በመቶ። አንድ ቅርንጫፍ ቲኬት ሲልክልኝ በአማካይ አሥራ ስድስት የሥራ ሰዓት ይጠብቃል፤ ሁለት ቀን መሆኑ ነው። ዘጠኝ ቢመጣስ? 36 ሰዓት ይጠብቃል፤ ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሳምንት አንዲት ቲኬት ብትጨመር ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። አሥር ሲመጣማ ወረፋው መጨረሻ የለውም፤ የሚያድረው ላይ የሚመጣው እየተደረበ ይሄዳል። ሰነፈ ብለው የሚያሙኝ ይህን አያውቁም። ልክ እንደ አምናው ነው የምሠራው፤ በአንዲት ቲኬት ልዩነት ነው የሁለት ቀኑ ሰው የሳምንት ሰው ተብዬ የቀረሁት።

በችሎታ መመደብ ሌላም ጣጣ አለው። ቲኬቱ የምን እንደሆነ መጀመሪያ መታወቅ አለበት፤ የሚነግረን ደግሞ ቅርንጫፉ ነው። ቅርንጫፉ የሚጽፈው ርእስ አንድ ነው፦ «ሲስተም አይሠራም፣ አስቸኳይ»። ከዚያ የችግሩን ዓይነት ከዝርዝር እንዲመርጥ ሲጠየቅ መጀመሪያ ላይ ያለውን ይጫናል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ኤቲኤም ነው። ስለዚህ የኤቲኤሙ ልጃችን ኤቲኤም የሌላቸው ቅርንጫፎች ሁሉ የኤቲኤም ብልሽት ሲልኩለት ይውላል። ዝርዝሩን አገላብጡት አልን፤ የሚቀጥለው የለውጥ ጊዜ ይጠበቅ ተባለ።

ፎርሙ ላይ ያልተጻፈ ችሎታም አለ። አንዲት እህታችን አፋን ኦሮሞ ትናገራለች። ምልክት ያደረገችበት ፕሪንተርና ሞባይል ባንኪንግ ላይ ብቻ ነው። ከነቀምቴም ከአሰላም የሚደውል ሰው ግን አንዴ ከእሷ ጋር ከተግባባ በኋላ ስለ ምንም ጉዳይ ቢሆን የሚፈልገው እሷን ነው፤ እኔ የምሠራው የሒሳብ ችግር ላይ እንኳ መሐል ገብታ ታስረዳለች። ያ ሁሉ ጊዜ በእሷ ስም የትም አልተመዘገበም። ቋንቋ ችሎታ ነው ብለን ፎርሙ ላይ ይግባ ስንል፣ «ከገባማ ሁሉም ወደ እሷ ይሄዳል» አሉን። አሁንስ ወዴት እየሄደ ነው?

ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይማራል? አለማወቅን ይማራል። ጋሼ ከሁላችንም በፊት እዚህ ቤት የገቡ ናቸው፤ የድሮውን ሲስተም ብቻቸውን እንዳቆሙት ሁሉም ያውቃል። የችሎታ ፎርሙ ሲመጣላቸው ፕሪንተር ላይ ብቻ ራይት አድርገው መለሱ። «ጋሼ፣ ኮር ባንኪንግስ?» ብላቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ዕድሜ ነው፤ ረሳሁት» አሉ። ከሰዓት በኋላ ስክሪኔ ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ ግን በጀርባዬ ሲያልፉ «የማክሰኞዋን ያልጸደቀች ግብይት እያት» ብለውኝ ወደ ሻያቸው አለፉ። እውነትም እሷ ነበረች። እኔ እንኳ ቅር አልተሰኘሁም፤ ከዚህ ቤት የሚማሩትን ተምረዋል። አዲስ ገቢዋም እያየች ነው። ባለፈው ኮር ባንኪንጉን ላሳይሽ ብላት «ይቅርብኝ፣ አንተን አየሁህ» አለችኝ።

ምዘናው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቁስሉ ላይ በርበሬ ይነሰነሳል። በየስድስት ወሩ ውጤት ተኮር ምዘና አለ፤ የእኛ ክፍል መለኪያ ደግሞ የተዘጉ ቲኬቶች ብዛት ነው። በቅድሙ ሳምንት አራቱ 90 ቲኬት ዘግተዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ከ22 በላይ ይደርሳል። እኔ 10 ዘግቻለሁ። አርባ ሰዓት ሠርቼ አሥር። ዘጠኝ ሰዓት የሠራው ሰው ከእጥፍ በላይ በልጦኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይባላል፤ እኔ «መሻሻል ያለበት» እባላለሁ። በተራው ዘመን ቢያንስ ሃያ ሃያ ነበርን።

የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። ሁሉም ሁሉን ይወቅ አላልኩም፤ ያን ያህል ሥልጠና ማንም አይከፍልም። ሮድኒ ዋላስና ዋርድ ዊት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የጥሪ ማዕከልን በሒሳብ መርምረው ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ችሎታ ብቻ ቢኖረውና ችሎታዎቹ በደንብ ቢሰበጣጠሩ፣ ሁሉም ሁሉን የሚችል ያህል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ለእኛ ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም ይቀላል። ለኮር ባንኪንጉ አንድ ሁለተኛ ሰው ብቻ ይጨመር፤ ሁለታችንም ከባዱን እናስቀድም፤ ከአንድ ወረፋ ባዶ የሆነው ያንሳ። ያው አሥር ቲኬት፣ ለእኔ ብቻ ሲሆን መጨረሻ የሌለው ወረፋ፣ ለሁለት ሲሆን በአማካይ የሚጠበቀው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እርግጥ ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የአራት ሰዓቱን ሥራ በስምንት ይሠራዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወዲያው አያምርም። አለቆች ትዕግሥት የሚያልቅባቸውም እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ልመናዬ ተራው ይቆይ፣ ነገር ግን በክብደት ይሁን የሚል ነበር። ሩብ ሰዓቷ አንድ ትባል፣ የአንድ ሰዓቷ አራት፣ የአራት ሰዓቷ አሥራ ስድስት፤ ቀጣዩ ቲኬት እጁ ላይ ትንሽ ክብደት ላለው ይሂድ። «ማን ይመዝናል?» አሉ አለቃችን። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። በነጋታው ሁሉም የራሱን ቲኬት አሥራ ስድስት ነው ይል ነበር፤ ጋሼም የፕሪንተር ቀለም መቀየር ከባድ ሥራ መሆኑን የሚያስረዳ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። አማካዩን ካለፈው ዓመት መዝገብ በየዓይነቱ ማውጣት ይቻላል ብዬ ተከራከርኩ፤ ዓይነቱን የሚመርጠው ግን ያው ቅርንጫፍ ነው፣ ዓይነቱም ሁሉ ኤቲኤም ነው።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የሁለተኛው ሰው ነገር ተፈቀደ። አዲስ ገቢዋ በሳምንት ሁለት ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ ትማር ተባለ፤ እሷም እያጉረመረመች ተስማማች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ የማስተምርበት ሰዓት ቲኬት ስለሌለው በምዘናው ዜሮ ሊሆን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለቃችን አሰቡበት። «ቀላል ነው፤ ለሥልጠናው ቲኬት ክፈትለት፣ ስትጨርስ ዝጋው» አሉኝ።

ከፈትኩ። ከዝርዝሩ ላይ ሥልጠና የሚል ዓይነት ስለሌለ «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። «ሌላ» ደግሞ ችሎታ ስላልተሰጠው እስከዛሬ በተራ ነው የሚመደበው። ቲኬቷ ለጋሼ ደረሰቻቸው። ከፈቷት፣ አነበቧት፣ «ተፈጽሟል» ብለው ዘጓት።